ልጅዎ ሲታመም ስልክ ላይ ምን ይላሉ?

ሕፃን ልጅ በማታ ትንፋሹ ሲያጥር እናት በመጀመሪያ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ቶሎ እንዲደርስላት። ስልኩን ታነሣለች፣ ትደውላለች። ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች የሚወስኑት ብዙ ነው። ስልኩን ያነሣው ባለሙያ ልጁን አያየውም፣ አይዳስሰውም፣ ግንባሩ መጋሉን አያውቅም። ያለው ነገር የእናትየዋ ቃል ብቻ ነው። ከዚያ ቃል ተነሥቶ አምቡላንስ ይላክ፣ በራሳችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ፣ ወይም እቤት ሆናችሁ ተከታተሉት ይላል።

ስለዚህ ጥሩ ጥሪ ማለት ሕመሙን በስሙ መጥራት አይደለም። ያዩትን፣ የሰሙትን፣ የቆጠሩትን፣ እንዲሁም ልጁ ትናንት ያደርገው የነበረውንና ዛሬ ያቃተውን መናገር ነው። ይህን ማንኛዋም እናት ትችለዋለች። ልጇን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

የት ነው የሚደወለው?

በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። አዲስ አበባ ውስጥ 939 የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው፤ እሱም አምቡላንስ ይልካል። የጤና ምክርና መረጃ ለመጠየቅ ደግሞ 8335 እና 952 የሚባሉት ነፃ መስመሮች አሉ። ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚደርሰው የወረዳው አምቡላንስ ነው። የእሱን ስልክ የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋና ጤና ጣቢያው ናቸው፤ ቁጥሩን ከእነሱ ተቀብሎ መያዝ የሚሻለው ሰው ሳይታመም ነው።

ምክር መስመርና አምቡላንስ አንድ አይደሉም። አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ መጥባት ወይም መጠጣት ካልቻለ፣ የገባለትን ሁሉ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ደንዝዞ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ምክር የሚጠየቅበት ጊዜ አልፏል። እነዚህ አራቱ በየጤና ጣቢያው የሕፃናት ሕክምና ሲጀመር በቅድሚያ የሚጠየቁ የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ልጁ ለመተንፈስ የሚታገል ከሆነም እንደዚያው ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ጨቅላ ደግሞ ትኩሳቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌላ ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ በዚያው ቀን በሐኪም መታየት አለበት። ከእነዚህ አንዱ ካለ በቀጥታ ወደ አምቡላንስ ይደውሉ፤ አምቡላንስ የማይገኝበት ቦታ ከሆኑም በተገኘው መኪና ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር

ድንጋጤ ውስጥ ያለ ሰው ስልክ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ሄሎ! ኧረ በእመቤቴ ድረሱልኝ! ልጄ!»

«ምን ሆነ ልጅዎ?»

«ትናንት እኮ ደህና ነበር፣ ብርድ መትቶት ነው መሰለኝ፣ አያቱ ጋ ወስጄው መጣሁ፣ ማታ ሲያቃጥለው አደረ፣ ዛሬ ደግሞ ጭራሽ…»

«የት ነው ያሉት?»

«ቤት ነኝ!»

ያለችው ሁሉ እውነት ነው። ስልኩን ያነሣው ሰው ግን እስካሁን የሚጽፈው ነገር አላገኘም። የልጁን ዕድሜ፣ አሁን ምን እየሆነ እንዳለና መኪናው ወደየት እንደሚሄድ አያውቅም። መስመሩ በዚህ ቅጽበት ቢቋረጥ ማንም ሊደርስላት አይችልም።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይያዝ፤ ምን እየሆነ እንዳለ፣ የማን ልጅነቱን ሳይሆን የስንት ወር ልጅ መሆኑን፣ እና ቦታውን። ለምሳሌ፦ «የ14 ወር ልጄ መተንፈስ እያቃተው ነው። ያለነው ኮተቤ 02 ነው። መስመሩ ከተቋረጠ በዚሁ ቁጥር ደውሉልኝ።» ይህን ለመናገር ዐሥር ሰከንድ አይፈጅም። ትናንት የሆነው፣ ብርዱና የአያት ቤቱ ነገር በኋላ ይደርሳል፤ ባለሙያው ራሱ ይጠይቃል።

ዕድሜው በወር ቢነገር ይሻላል። «ዓመት ከመንፈቅ ገደማ» ከሚባል «የ14 ወር» ማለት ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል፤ ምክንያቱም ፈጣን የሚባለው ትንፋሽም፣ የመድኃኒቱ መጠንም በዕድሜው ይለያያል።

አንድ ጥሪ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

አሁን ያቺኑ እናት በሌላ አኳኋን እንስማት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው። ወንድ ልጇ 14 ወሩ ነው። ከመደወሏ በፊት ልብሱን ገልጣ ትንፋሹን ቆጥራለች፤ ባለቤቷ ደግሞ የክትባት ካርዱን ከመሳቢያ አውጥቷል።

«የ14 ወር ልጄ መተንፈስ እያቃተው ነው። ያለነው ኮተቤ 02 ነው። መስመሩ ከተቋረጠ በዚሁ ቁጥር ደውሉልኝ።»

«እሺ እናቴ፣ ይዤዋለሁ። ልጅዎ ነቅቷል? ሲጠሩት ያይዎታል?»

«ስጠራው ዓይኑን ይገልጣል፤ ወዲያው መልሶ ይከድነዋል። ጠዋት ስጠራው ይሥቅ ነበር።»

«ሲተነፍስ ምን ይታይዎታል?»

«ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ቆጥሬዋለሁ፤ በአንድ ደቂቃ 58 ጊዜ ነው። ሲቆጠር አያለቅስም ነበር።»

«ከንፈሩና ምላሱ ምን ይመስላል?»

«ምላሱ ቀይ ነው። አልጠቆረም።»

«መቼ ጀመረው?»

«ሳሉ ከትናንት በስቲያ ነው። ትኩሳቱ ትናንት ማታ። ትንፋሹ የፈጠነው ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ነው።»

«ይጠባል?»

«ከ10 ሰዓት ወዲህ ሁለቴ አስጠግቼው አልያዘልኝም። ውሃ በማንኪያ ሰጠሁት፣ ከአፉ ተመለሰ። ዳይፐሩን የቀየርኩለት ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አልሸናም።»

«አስመለሰው? አንቀጠቀጠው?»

«አላስመለሰውም፤ አላንቀጠቀጠውምም።»

«የሰጡት መድኃኒት አለ?»

«የፓራሲታሞል ሽሮፕ ሰጥቼዋለሁ። ጠርሙሱ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም ይላል። 5 ሚሊ ሰጠሁት፣ 11 ሰዓት ላይ። ባለፈው ወር ሲመዘን 9 ኪሎ ተኩል ነበር። ሌላ ምንም አልሰጠሁትም።»

«ሌላ ሕመም አለበት? ቀድሞ ሆስፒታል ተኝቶ ያውቃል?»

«የለበትም። ተኝቶ አያውቅም። ክትባቱም በጊዜው ነው።»

«ጥሩ። አሁን መኪናው ቤታችሁን እንዴት እንደሚያገኘው ይንገሩኝ።»

በዚህ ጥሪ ውስጥ አንድም የበሽታ ስም አልተነሣም። ባለሙያው ግን ከበቂ በላይ አውቋል፤ ልጁ ይደነዝዛል፣ መጥባት አልቻለም፣ ደረቱ ይሰረጉዳል፣ ትንፋሹ ፈጥኗል፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ አልሸናም። ይህ ልጅ አሁኑኑ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ኦክስጅን ያለበት ቦታ ቢወሰድ ይመረጣል፤ ይህንንም ባለሙያው ለሾፌሩ ሊነግረው ይችላል።

ብዙ እናቶች በዚህ ሁሉ ጥያቄ ይናደዳሉ፤ «መኪናውን ላኩልኝ እንጂ ምን ትመረምሩኛላችሁ» ይላሉ። ንዴቱ ይገባል። ግን ጥያቄው ለማጓተት የተዘጋጀ አይደለም። ማን ይቅደም የሚለው፣ ምን ይዘው እንደሚመጡና የት እንደሚወስዱት የሚወሰነው በመልሱ ነው። አጭር መልስ በሰጡ ቁጥር ጥያቄው ቶሎ ያልቃል። «አላውቅም» ማለትም መልስ ነው፤ ከግምት ይሻላል።

ትንፋሽ እንዴት ይቆጠራል?

ከሁሉም ቁጥሮች ለባለሙያው ይበልጥ የሚጠቅመው የትንፋሹ ብዛት ነው። ቴርሞሜትር በየቤቱ የለም፤ ሰዓት ያለው ስልክ ግን አለ።

ልጁ ያላለቀሰበትንና እየጠባ ያልሆነበትን ጊዜ ይጠብቁ። ተኝቶ ከሆነ አይቀስቅሱት። ልብሱን እስከ ደረቱ ገለጥ አድርገው ሆዱንና ደረቱን ይመልከቱ። አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። የስልኩን ሰዓት ይዘው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ለሕፃን አይሆንም፤ ሕፃናት ጥቂት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ተንፍሰው ቆም የሚሉበት ጊዜ አለ፣ ያን ጊዜ ከቆጠሩት ቁጥሩ ይሳሳታል። ከተጠራጠሩ ደግመው ይቁጠሩ።

የጤና ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ልክ ይህ ነው፤ ሁለት ወር ያልሞላው በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ12 ወር እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። የኛ ልጅ 14 ወሩ ስለሆነ ልኩ 40 ነው፤ 58 ከዚያ በጣም ያልፋል። ትኩሳት ራሱ ትንፋሽን በመጠኑ ያፈጥናል፤ ስለዚህ ሲቆጥሩ ሰውነቱ ይግል እንደሆነ አብረው ይናገሩ።

ትንፋሹ የሚፈጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሳንባው በሕመም ሲጠጥር ወይም ፈሳሽ ሲይዝ ከእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ሰውነቱ ያንን ለማካካስ ብዛቱን ይጨምራል። ያም ሳይበቃ ሲቀር ደረቱን የሚያነሡት ጡንቻዎች በኃይል ይስባሉ፤ ያን ጊዜ የደረቱ የታችኛው ክፍል አየር ሲያስገባ እንደማንኛውም ጤነኛ ልጅ መነፋቱ ቀርቶ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ይህን ማየት ከቻሉ «ይሰረጉዳል» ብለው መናገር ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሌሊቱን ሲያለቅስና ሲቃትት የነበረ ልጅ ዝም ሲል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተሻለው» ይባላል። ትንፋሹ ዝግ ካለ፣ ዓይኑ ከነቃና ከጠባ እውነትም ተሽሎታል። ግን ዝም ያለው መታገል ደክሞት ከሆነ፣ ማለትም ካልጠባ፣ ሲጠሩት በደንብ ካላየ፣ ሰውነቱ ዝልፍልፍ ካለ፣ ብሶበታል። ስልክ ላይ «አሁን ዝም ብሏል» ሲሉ ከዚያው ጋር ይጥባ እንደሆነና ዓይንዎን ያይ እንደሆነ ይናገሩ።

የቆዳ ቀለምም እንደዚሁ ነው። የኦክስጅን ማነስ በጠየም ባለ ፊት ላይ ቶሎ አይታይም። መብራት አቅርበው ምላሱን፣ ድዱን፣ የከንፈሩን ውስጠኛ ክፍልና የጥፍሩን ሥር ይመልከቱ። ግራጫ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ከሁሉም አስቀድመው ይንገሩ።

የማይረዱ ቃላት፣ የሚረዱ ቃላት

«ሰውነቱ እሳት ነው» ማለት ስለ ትኩሳቱ ብዙ አይነግርም። ቴርሞሜትር ካለ ቁጥሩንና በብብት ይሁን በሌላ የተለካበትን ቦታ ይንገሩ። ከሌለ «ሆዱን ስነካው በጣም ይግላል፣ እጅና እግሩ ግን ቀዝቃዛ ነው» ማለት የተሻለ ነው።

«ጥርስ ሊያወጣ ነው»፣ «ምች ነው»፣ «ዓይን በልቶት ነው» የሚለው ግምት ቤት ውስጥ ሊባል ይችላል፤ ስልክ ላይ ግን የባለሙያውን ሐሳብ ወደ ሌላ ይወስደዋል። «ምንም አይበላም» ከሚባል «ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ ብቻ ጠባ» ይባል። «ተቅማጥ ገደለው» ከሚባል «ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ጊዜ አስቀመጠው፣ እንደ ውሃ ነው፣ ደም የለውም» ይባል።

እንጥሉ ተቆርጦ፣ ቅጠል ወይም ሌላ የቤት መድኃኒት ተሰጥቶት ከሆነም ይነገር። ባለሙያው የሚጠይቀው ለመቆጣት አይደለም፤ የደማ ጉሮሮና የተጠጣ ቅጠል ሕክምናውን ስለሚቀይሩት ነው። አያት ፊት መናገር ከከበደ ስልኩን ይዞ ወጣ ማለት ይቻላል።

ቤቱን ማስገኘት

አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ቁጥር የሚገኝ ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ አቅጣጫ ሲሰጥ ከትልቁ ይጀመር፤ ክፍለ ከተማው፣ ሰፈሩ፣ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው ምልክት፣ ከዚያ በኋላ መታጠፊያው። እናትየዋ ያለችው ይህን ነው፦

«የካ ክፍለ ከተማ ነው። ከኮተቤ 02 ታክሲ ማቆሚያ ወደ ላይ ይምጡ፣ በስተግራ ወፍጮ ቤት አለ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ኮብልስቶኑን ይዛችሁ ሦስተኛው አረንጓዴ በር ነው። ባለቤቴ ወፍጮ ቤቱ ጋ የስልኩን መብራት አብርቶ ይቆማል። የሱን ቁጥርም ልስጥዎ።»

ሰው አስፋልት ዳር ማቆም ማንኛውም አቅጣጫ የማይተካው ነገር ነው። መብራት ከሌለ፣ መንገዱ ለመኪና የሚጠብ ከሆነ፣ ወይም ግቢው ውሻ ካለው ይህም ቀድሞ ይነገር። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎክ ቁጥሩና ፎቁ ይጨመር፤ ዘበኛው በሩን እንዲከፍት ይነገረው።

ከመዝጋትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። መኪናው ተነሥቷል ወይስ ገና ነው? እስኪመጣ ምን ላድርግ? ቢዘገይ ወደየትኛው ሆስፒታል ልውሰደው? አምቡላንሱ ሌላ ቦታ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ላዳ ወይም የጎረቤት መኪና ለመፈለግ ጊዜ ይሰጣል። ባለሙያው «መዝጋት ይችላሉ» ሳይልዎት አይዝጉ።

እስኪደርሱ ድረስ

ለመተንፈስ የሚቸገር ልጅ ጭንዎ ላይ ቀና ብሎ ቢቀመጥ ይቀለዋል። ጋቢና ብርድ ልብስ ደራርበው አይጠቅልሉት፤ ደረቱ እንዲታይና አየር እንዲያገኝ ያድርጉ። ደንዝዞ ከሆነ በግድ ውሃ፣ ወተት ወይም ሽሮፕ አይስጡት፤ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ከሰል የሚነድበት ወይም ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ካለ ያውጡት።

ቢያንቀጠቅጠው በጎኑ ያስተኙት፣ የሚጋጭበትን ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፣ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይክተቱ። ክብሪት ጭሮ ማስሸተትም አይጠቅመውም፤ ትንፋሹን ይበልጥ ያውከዋል። ካጠገብዎ ሌላ ሰው ካለ መንቀጥቀጡን በስልክ ቢቀርጸው ለሐኪሙ ከብዙ ገለጻ ይበልጣል።

የስልክ ውሳኔ ልጁ በዚያች ሰዓት ባለበት ሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። ሁኔታው ከተለወጠ ውሳኔውም መለወጥ አለበት። «እቤት ይከታተሉት» ተብለው ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥባት ካቆመ መልሰው ይደውሉ፤ ይሉኝታ አይያዝዎ። ከመጀመሪያው ጀምረው ሳይሆን የተለወጠውን ያስቀድሙ፦ «ቅድም 2 ሰዓት ላይ ደውዬ ነበር። ያን ጊዜ ይጠባ ነበር፣ አሁን አይጠባም።»

ከአገር ውጭ ያለች እናት

ቁጥሩ እንደየአገሩ ነው፤ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አብዛኛው አውሮፓ 112፣ ሳዑዲ ዓረቢያ 997፣ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ 998። እንግሊዝ ውስጥ ለአምቡላንስ 999፣ ለጤና ምክር ደግሞ 111 ይደወላል። የአገሩ ቋንቋ ካቃተ መጀመሪያ አድራሻውን፣ ቀጥሎ «አማርኛ» የሚለውን በዚያው አገር ቋንቋ መናገር ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ አስተርጓሚ በስልኩ ላይ ሊያስገቡ ይችላሉ፤ እስኪገባ መስመሩን አለመዝጋት ነው።

እዚያ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። መድኃኒቱን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሰጥታ በባዕድ ቋንቋ «ሁለት ሰዓት» ያለች እናት፣ ለሚሰማት ሰው ከስድስት ሰዓት በፊት ወይም በኋላ የሰጠች ትመስላለች። ፓራሲታሞል ሁለተኛ የሚሰጥበት ጊዜ የሚታሰበው ከዚያ ነው። «ከሦስት ሰዓት በፊት ሰጠሁት» ብላ የቆየበትን ጊዜ ብትናገር ምንም ስሕተት አይፈጠርም።

ወረቀቱ

ልጅ ሲታመም ስልኩን የምታነሣው ሁልጊዜ እናት አይደለችም። እናት ሥራ ላይ ልትሆን ትችላለች፤ ቤት ያለችው ሠራተኛዋ፣ አያት ወይም የዐሥር ዓመት እህቱ ትሆናለች። ከገጠር በቅርብ የመጣች ልጅ ክፍለ ከተማውን ላታውቅ ትችላለች።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት ላይ ይህን ጽፈው ማቀዝቀዣው ወይም በሩ ላይ ይለጥፉ፤ የአምቡላንሱን ቁጥር፣ ሰፈሩንና ዋናውን ምልክት ልክ ለሾፌር እንደሚነገረው አድርገው፣ የልጁን የልደት ቀን፣ የመጨረሻ ክብደቱን፣ የማይስማማው መድኃኒት ካለ እሱን፣ የእናትና የአባቱን ስልክ። ከሥሩም ባለሙያው የሚጠይቃቸውን ይጨምሩ፤ ነቅቷል? እንዴት ይተነፍሳል? ጠባ? ሸና? አስመለሰው? አንቀጠቀጠው? መቼ ጀመረው? ምን ተሰጠው? የክትባት ካርዱ የት እንደሚቀመጥ ያሳዩዋቸው። ከዚያ ቤት ያሉት ሁሉ፣ ትልቋ ልጅም ሳትቀር፣ አቅጣጫውን ጮክ ብለው አንድ ጊዜ ያንብቡት። ማንበብ የማትችል ሠራተኛ ካለች በቃሏ እስክትይዘው ይንገሯት፤ ልጁ የሚታመመው እሷ ብቻዋን ሳለች ሊሆን ይችላልና።